የግንባርና የአፍንጫ ወዝ በፎቶ እርማት፦ ማለዘብና መጣፍ

ግንባርና አፍንጫ ቅባት የሚያመነጩ ዕጢዎች የበዙባቸው የፊት ክፍሎች ናቸው። ሙቀት ያለው አዳራሽ ውስጥ፣ በተለይ ፍላሽ ከፊት ሲበራ፣ ቀድመው የሚያብረቀርቁት እነሱ ናቸው። ይህን ወዝ ከፎቶ ላይ ለመቀነስ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ብለር ነው። ፈጣን ነው፤ ውጤቱ ግን ያሳዝናል። ሥራውን በወጉ የሚሠሩት ሁለት ዘዴዎች አብረው ናቸው። አንደኛው በለስላሳ ብረሽ ብርሃንና ጥላውን ማቀራረብ ነው፤ ባለሙያዎቹ ዶጅ እና በርን ይሉታል። ሁለተኛው ከጤናማ ቆዳ ወስዶ መጣፍ፣ ማለትም ፓች ማድረግ ነው።

ብርሃን ቆዳ ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ወደ ውስጥ ይገባና የቆዳውን ቀለም ይዞ ይወጣል። ከፊሉ ደግሞ ላይ ካለው ቅባት ነጥሮ በቀጥታ ይመለሳል። ይህ ሁለተኛው የሚይዘው የመብራቱን ቀለም እንጂ የቆዳውን አይደለም። ወዝ ነጣ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ነጥሮ የሚመለሰው ብርሃን በጠይምም በቀይም ፊት ላይ ተቀራራቢ ነው። ጠይም ቆዳ ግን ከውስጥ የሚመልሰው ብርሃን አነስ ስለሚል ወዙ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። በሌላ በኩል የጠይም ፊትን ቅርጽ በፎቶ ላይ የሚያወጣው ይኸው ነጸብራቅ ነው። የአፍንጫው አጥንት ቀጥ ብሎ፣ ግንባሩ ክብ ሆኖ የሚታየው በእሱ ነው። ስለዚህ ዓላማው ወዙን ማጥፋት ሳይሆን ማለዘብ ነው።

ብለር ለምን አይሆንም? ብለር እያንዳንዱን ነጥብ ከጎረቤቶቹ ጋር ያማክለዋል። ብርሃኑን አይቀንሰውም፤ ያሰፋዋል። ጠባብ የነበረው ነጭ ነጸብራቅ ሰፊና ፈዛዛ ሰሌዳ ይሆናል። በዚያ ላይ የቆዳው ቀዳዳዎችና ጥቃቅን መስመሮች ይጠፋሉ። ጉንጩ ላይ ቀዳዳው እየታየ ግንባሩ እንደ ሰም ከለሰለሰ፣ ማንም ሰው የተነካካ ፎቶ መሆኑን ያውቃል። በስልክ ላይ ላይታወቅ ይችላል። ተለቅ ብሎ ሲታተም ግን ያፈጣል።

ብረሽ ከማንሳት በፊት ወዙ የትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ፎቶሾፕ ላይ የ Info ሰሌዳ ይከፈትና ጠቋሚው ነጸብራቁ ላይ ይደረጋል። የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ቁጥሮች ሦስቱም 255 ወይም እዚያው አካባቢ ከሆኑ ቦታው ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ከሥሩ የሚወጣ ቆዳ የለም። ቁጥሮቹ ዝቅ ብለው እርስ በርስ ከተለያዩ ግን ቆዳው አሁንም አለ፤ ብርሃን ብቻ ነው የተጫነው። ፎቶው ጥሬ ፋይል (ሮ) ከሆነ መጀመሪያ Highlights ን ዝቅ ማድረግ የጠፋ የመሰለውን በከፊል ሊመልስ ይችላል። ጄፔግ ከሆነ ግን 255 ላይ የደረሰው አይመለስም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በምሽት በፍላሽ የተነሳች ጠይም ሙሽራ ናት። ወዝ የሌለበት ቆዳዋ 150፣ 102፣ 76 ይላል። ግንባሯ መሐል 226፣ 196፣ 176 ነው። የአፍንጫዋ ጫፍ ደግሞ በሦስቱም 255 ነው። ግንባሩ በብረሽ ይለዝባል። አፍንጫው ግን መጣፍ አለበት።

የሚቀድመው አፍንጫው ነው። ፎቶው በ Ctrl+J ይባዛል። ከዚያ በ Patch Tool ነጭ የሆነው ቦታ ይከበብና ምንጭ ወደሚሆነው ጤናማ ቆዳ ይጎተታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ወሳኝ ነው፤ መስመሩ ከነጸብራቁ ወጣ ብሎ ወዝ የሌለበት ቆዳ ላይ ማረፍ አለበት። መሣሪያው የቆዳውን ሸካራነት ከምንጩ ይወስዳል፤ ብርሃኑንና ቀለሙን የሚያስማማው ግን መስመሩ ካረፈበት ጠርዝ ጋር ነው። መስመሩ ነጸብራቁ ውስጥ ከገባ ነጩ ተመልሶ ይሞላል። ቅንድብ ወይም የፀጉር መስመር ከነካ ደግሞ ጥቁር ጭጋግ ይሰርጋል። ምንጩም ዝም ብሎ አይመረጥም። የአፍንጫ ቀዳዳ ከጉንጭ ቀዳዳ ስለሚተልቅ ከራሱ ከአፍንጫው ጎን መውሰድ ይሻላል።

ጥፉ ሲያልቅ አፍንጫው ጨርሶ የደበዘዘ ይመስላል። ይህ አያስደነግጥም። የተባዛው ሌየር Opacity ወደ 60% ይወርዳል። ጥፉ 165፣ 118፣ 90 ከነበረ ከሥሩ ካለው ነጭ ጋር ተደባልቆ 201፣ 173፣ 156 ገደማ ይሆናል። አሁን አፍንጫው ላይ ብርሃን አለ፤ ቀዳዳውም ይታያል።

ቀጥሎ ግንባሩ። በ Soft Light ሁነታ አዲስ ሌየር ይከፈትና በ50% ግራጫ ይሞላል። ግራጫው ራሱ ምንም አይለውጥም። ጥቁር ሲቀባበት ከሥሩ ያለው ይጨልማል፤ ነጭ ሲቀባበት ይበራል። ብረሹ Hardness 0፣ Flow 3% ይሁን። ስፋቱም ከነጸብራቁ ያነሰ ይሁን። በጥቁር ከመሐል ተነስቶ ደጋግሞ በቀስታ መቀባት ነው። የግንባሩ መሐል ወደ 213፣ 173፣ 149 ሲወርድ ይበቃል። ከአፍንጫው ጋርም ተቀራረበ ማለት ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላው ግማሽ ዶጁ፣ ማለትም በነጭ ማብራቱ ነው። ወዝ ዓይን ውስጥ የሚገባው በራሱ ብርሃን ብቻ ሳይሆን ከዙሪያው ጋር ባለው ልዩነት ነው። ከነጸብራቁ ጠርዝ ወጣ ብሎ ያለውን ጨለም ያለ ቆዳ በነጭ ትንሽ ማንሳት ሽግግሩን ያረዝመዋል። መሐሉ ሳይጨልም ወዙ የቀነሰ ይመስላል። እኔ ከጥቁሩ ይልቅ በዚህኛው ብዙ ጊዜ ባጠፋ እመርጣለሁ፤ ፊቱን የሚያጨማድድ ጭለማ አይፈጥርምና።

ቅደም ተከተሉም ምክንያት አለው። Soft Light ሙሉ ነጭን ማጨለም አይችልም። 255 ላይ የፈለገውን ያህል ጥቁር ቢቀባ 255 ሆኖ ይቀራል። አፍንጫውን ሳይጥፉ በብረሽ የሚታገሉ ሰዎች ዙሪያው እየጠቆረ መሐሉ ነጭ ሆኖ የሚቀርባቸው ለዚህ ነው። ግራጫ ቀለም በቀጥታ መቀባት ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል፤ ቆዳው አመድ ይመስላል። በ Soft Light ላይ ይህ ያን ያህል አይከሰትም፤ ሲጨልም ቀለሙም አብሮ ይሞቃል። ቢሆንም ነጸብራቁ ከቆዳው ይልቅ ገርጥቶ ሊቀር ይችላል። ያኔ በ Color ሁነታ ሌላ ሌየር ተከፍቶ፣ ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ቀለም ተወስዶ፣ በ15% አካባቢ ይደረብበታል። ከበዛ ግንባሩ ብርቱካናማ ይሆናል።

ሥራው መብዛቱ የሚታወቀው ርቆ ሲታይ ነው። 100% ላይ ቀዳዳ ለቀዳዳ እያዩ ሲሠሩ ሙሉ ፊቱ ይረሳል። ፎቶውን አሳንሶ ማየት ይረዳል። ለጊዜው ጥቁርና ነጭ የሚያደርግ ሌየር ከላይ መጫንም ይረዳል፤ የብረሽ ጭረቶችና የተለጠፉ ቦታዎች ያኔ ብቅ ይላሉ። ግንባሩ ከጉንጩ ጨልሞ ከታየ አልፏል፤ መብራቱ ከፊት ነበርና ከጉንጩ ቢያንስ እኩል መብራት አለበት። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ የግራጫውን ሌየር Opacity ወደ 70% ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ላብ ከወዝ ይለያል። ጠብታ ጠብታ ሆኖ የተቀመጠ ላብ የራሱ ብርሃንና ጥላ ስላለው በብረሽ አይለዝብም። ጠብታው በየተራ በ Healing Brush ይነሳል፤ ብዙ ከሆነ አድካሚ ነው። ግንባሩ በሙሉ ነጭ ሆኖ ከቀረ ደግሞ ጥፍም አያዋጣም፤ የሚወሰድበት በቂ ቆዳ የለም። ፎቶ ከመነሳቱ በፊት በሶፍት ጫን ጫን አድርጎ ቅባቱን ማንሳት፣ ፍላሹንም ከካሜራው አርቆ ወደ ጎን ማዞር፣ ይህን ሁሉ ሥራ በእጅጉ ይቀንሰዋል።