በሜትሮኖም መለማመድ፦ የተደበቀችውን ኖታ ማግኘት

ሜትሮኖም በደቂቃ ውስጥ የሚሰሙ ምቶችን እኩል እየለካ የሚያሰማ መሣሪያ ነው። ቁጥሩ 60 ላይ ሲሆን በየሰከንዱ አንድ ምት፣ 120 ላይ ሲሆን ሁለት ምት ይሰማል። ዮሐን ሜልዜል በ1815 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አውጥቶ በስሙ አስፋፋው፤ ዋናውን የፔንዱለም ሐሳብ ግን በአምስተርዳም የነበረው ዲትሪክ ዊንክል ቀድሞት ነበር። ዛሬ አብዛኛው ተለማማጅ ሜትሮኖሙን በስልኩ ላይ ይዞታል። ብዙዎች ሜትሮኖምን ፍጥነት መጨመሪያ አድርገው ብቻ ያዩታል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ጆሮ ያለፈውን ስህተት ማጋለጡ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በፒያኖ ላይ ቀኝ እጅ ከዶ ተነሥቶ በነጮቹ ቁልፎች ሁለት ኦክታቭ ይወጣል፤ በእያንዳንዱ ምት አራት ኖታ ይመታል፤ የሚፈለገው ፍጥነት 100 ነው። የተለመደው የጣት አጣጣል ዶ፣ ሬ፣ ሚን በአውራ ጣት፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ጣት መትቶ አውራ ጣትን ከሥር አሳልፎ ፋ ላይ ማሳረፍ ነው። ችግሩ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። አውራ ጣት ሲዘገይ አራተኛዋ ኖታ ትዘገያለች። ተጫዋቹ ግን ምቱ እንዳያመልጠው ይጣደፍና አምስተኛዋን ኖታ፣ ሶልን፣ ከሜትሮኖሙ ድምፅ ጋር እኩል ያሳርፋታል። ሜትሮኖሙ የሚመታው በአንደኛዋ፣ በአምስተኛዋ፣ በዘጠነኛዋና በአሥራ ሦስተኛዋ ኖታ ላይ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል። ስህተቷ ግን በሁለት ምቶች መካከል ተደብቃለች።

ስለዚህ መጀመሪያ ፍጥነቱ ወደ 50 ይወርዳል። በዚህ ፍጥነት በአንድ ምትና በሚቀጥለው መካከል 1.2 ሰከንድ አለ፤ ይህ ደግሞ ለመዛነፍ ሰፊ ቦታ ይሰጣል። ቀስ ብሎ መጫወት ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው፤ ምቱ መከፋፈል አለበት። ሜትሮኖሙን 100 ላይ ብናደርገውና በሁለት ኖታ አንዴ እንዲመታ ብንፈቅድ አንደኛዋ፣ ሦስተኛዋና አምስተኛዋ ኖታ ይለካሉ፤ አራተኛዋ አሁንም ታመልጣለች። 200 ላይ ስናደርገው ግን እያንዳንዷ ኖታ የራሷ ምት ይኖራታል፤ ፋ ስትዘገይም የሜትሮኖሙ ድምፅ ከጣታችን ቀድሞ ይሰማል። በትክክል ሲገጥም ድምፁ በኖታው ውስጥ የጠፋ ይመስላል። ይህን የመጥፋት ስሜት መፈለግ ቁጥር ከመቁጠር ይበልጣል።

በዝግታ ስንለማመድ አንድ ወጥመድ አለ። በ50 ፍጥነት አውራ ጣት እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ቢቆይም በሰዓቱ ይደርሳል፤ በ100 ግን ያው እንቅስቃሴ አይሠራም። ስለዚህ አውራ ጣት ዶን እንደለቀቀ፣ ሬ በምትመታበት ጊዜ ወደ ፋ መጓዝ መጀመር አለበት። በዝግታ የምንለማመደው በፍጥነት የምንፈልገውን እንቅስቃሴ መሆን አለበት፤ አለዚያ በትጋት የምናጠናው ኋላ የምንጥለውን ልማድ ነው።

ቦታው ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሳይዛነፍ ከወጣ፣ ፍጥነቱን ሳንነካ ድጋፉን እንቀንሳለን፦ ከ200 ወደ 100፣ ከዚያም ወደ 50። የኖታዎቹ ፍጥነት ያው ነው፤ የሚቀንሰው የምቶቹ ብዛት ነው። መሃል ያሉትን ክፍልፋዮች አሁን ተጫዋቹ ራሱ በውስጡ ይቆጥራል፤ «አንድ እና ሁለት እና» ብሎ በቃል መቁጠር ይረዳል። ፍጥነት መጨመር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የድሮዎቹ ባለ ፔንዱለም ሜትሮኖሞች ከ40 እስከ 60 በሁለት በሁለት፣ ከዚያ እስከ 72 በሦስት በሦስት፣ እስከ 120 ደግሞ በአራት በአራት ይጨምራሉ። ይህ አካሄድ ለልምምድ በጣም ይመቻል፤ ፍጥነቱ ከፍ ሲል ትንሿ ጭማሪ ብዙም አትሰማምና። ስህተቱ ከተመለሰ ሁለት ደረጃ ወርዶ እንደገና መከፋፈል እንጂ እዚያው መታገል አይጠቅምም።

አንዳንድ እጆች 80 አካባቢ ላይ ይቆማሉ። ያኔ ጉዳዩ በደረጃ ከመውጣት ይልቅ በአጭር ቁራጭ ይፈታል፦ ሜትሮኖሙን በቀጥታ 100 ላይ አድርጎ ከዶ እስከ ሶል ያሉትን አምስት ኖታዎች ብቻ መጫወትና ሶል ላይ መቆም። እጅ ከተዝናና በኋላ የሚቀጥሉት አራት ይጨመራሉ።

በመጨረሻ በሜትሮኖሙ ራሳችንን እንፈትናለን። ብዙ የስልክ ሜትሮኖሞች ለጥቂት ምቶች ድምፃቸውን አጥፍተው እንዲመለሱ ማድረግ ይቻላል። ስምንት ምት በዝምታ ከተጫወትን በኋላ ድምፁ ከእኛ በኋላ ከመጣ ተጣድፈናል፤ ቀድሞን ከመጣ ደግሞ ዘግይተናል፤ የዘገየነው ብዙውን ጊዜ አውራ ጣት ከሥር ባለፈበት ቦታ ነው።