የሻፕሊ ድርሻ ምንድን ነው? ወረታ ላይ የምትወርደው ተሳፋሪ ስንት ትክፈል?

«በሻፕሊ ድርሻ እናካፍለው» የሚል ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል። ቀጥሎ ኪሎ ሜትር መቁጠር ሲጀምር ግን ደስታዬ ይጠፋል። የሻፕሊ ድርሻ የጋራ ወጪን የማካፈያ ስሌት ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በመምጣቱ ወጪው በአማካይ ስንት እንደጨመረ ያያል እንጂ ኪሎ ሜትር አይቆጥርም። ይህን ክፍል ውስጥ በየዓመቱ እናገራለሁ። ሰሞኑን ግን ሒሳብ ያውቃል የሚባል ሰው በሙሉ ልብ ተቃራኒውን ሲያስረዳ ሰማሁት፤ ያዳመጡትም አመኑት። ስለዚህ በጽሑፍ ልመልስ።

የተነሳው ጉዳይ ይህ ነው። ሦስት ሰዎች ባሕር ዳር ላይ አንድ መኪና በኮንትራት ያዙ። ሁለቱ ጎንደር ድረስ ናቸው። ሦስተኛዋ ወረታ ላይ ወርዳ የደብረ ታቦር መኪና ትይዛለች። ሹፌሩ ጎንደር ድረስ 6000 ብር ብሏል፤ ቁርጥ ዋጋ ነው። መንገድ ላይ ሰው ቢወርድ አንድ ብር አይቀንስም። (ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ነው የመረጥኳቸው፤ የዛሬ የመናኸሪያ ዋጋ ብላችሁ አትያዙብኝ።)

ሰውዬው እንዲህ አሰላ። ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወረታ ደግሞ 60 ገደማ፤ ሲሶ ማለት ነው። እኩል ቢካፈሉ ለአንድ ሰው 2000 ብር ይደርስ ነበር። ስለዚህ የወረታዋ የ2000 ሲሶ፣ ማለትም 667 ብር ትክፈል። የጎንደሮቹ 2000፣ 2000 ይክፈሉ። ሲሰማ ያምራል። ደምሩት እስቲ፤ 4667 ይመጣል። 1333 ብር የት ገባ? ሹፌሩ ዋጋው ቁርጥ ነው ብሏል። ከእሷ ላይ የተቀነሰው ብር የግድ ሌሎቹ ላይ ይወድቃል፤ የሚነሳውም ጠብ እሱ ላይ ነው።

ስህተቱ ሲነገረው አስተካከለ። የሁሉንም ተሳፋሪ ኪሎ ሜትር ደምሮ 420 አገኘ። 6000ውን ለዚያ አካፈለ። የወረታዋ 857፣ የጎንደሮቹ 2571፣ 2571። አሁን ድምሩ ልክ ነው። ግን ይህም የሻፕሊ ድርሻ አይደለም። ሹፌሩ ዋጋውን በኪሎ ሜትር አልተናገረም፤ እኛ ነን ኪሎ ሜትር ያስገባንበት።

የሻፕሊ ጥያቄ ሌላ ነው። ምን ያህል ርቀት ተቀመጥክ አይልም። አንተ በመምጣትህ ወጪው ስንት ጨመረ ይላል። ይህን ለመመለስ ደግሞ 6000 ብቻውን አይበቃም። ሌላ አንድ ቁጥር ያስፈልጋል። ከመነሳታችሁ በፊት ሹፌሩን «ወረታ ድረስ ብቻ ብንሄድስ?» ብላችሁ ጠይቁት። 3000 ይላል እንበል። የመንገዱ ሲሶ ነው፣ ዋጋው ግን ግማሽ ነው። ለምን ቢባል፣ ባዶውን ሊመለስ ይችላል፤ ተራውን ያጣል፤ ሰው እስኪሰበሰብ የጠበቀው ሰዓት ወረታም ሄደ ጎንደር ያው ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚስተው ይህንን ነው።

አሁን ሦስቱ ተሳፋሪዎች አንድ በአንድ ወደ መኪናው ይመጣሉ ብላችሁ አስቡ። ቀድማ የወረታዋ ከመጣች መኪናው ለእሷ ሲል 3000 ብር ያስወጣል። ከአንዱ የጎንደር ሰው በኋላ ከመጣች ግን ምንም አትጨምርም፤ መኪናው ለማንኛውም ወረታን ያልፋል። ሦስት ሰው በስድስት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊመጣ ይችላል፤ የአንድ ሰው የሻፕሊ ድርሻ በስድስቱ የሚጨምረው ወጪ አማካይ ነው። በሁለቱ እሷ መጀመሪያ ናት፤ በአራቱ አይደለችም። ሁለት ጊዜ 3000 ለስድስት ሲካፈል 1000 ብር። ድርሻዋ ይህ ነው።

የጎንደሩን ሰው ደግሞ እንይ። በሁለቱ ቅደም ተከተሎች መጀመሪያ ይመጣል፤ 6000 ያስወጣል። በአንዱ ከወረታዋ ቀጥሎ ይመጣል፤ 3000 ይጨምራል። በቀሩት ሦስቱ ሌላው የጎንደር ሰው ቀድሞታልና ምንም አይጨምርም። ድምሩ 15000፣ ለስድስት ሲካፈል 2500። ሁለቱ 5000፣ ከእሷ 1000 ጋር 6000 ሞላ።

ይህን ሁሉ መናኸሪያ ላይ ቆሞ ማስላት አያስፈልግም። እንዲህ ላለ በአንድ መስመር ላይ ላለ ጉዞ አቋራጭ አለው። እስከ ወረታ ያለውን 3000 ለሦስት፣ ከወረታ በኋላ የሚጨመረውን 3000 ለሁለት ማካፈል ብቻ ነው። መልሱ አንድ ነው። በእ.ኤ.አ. 1973 ሊትልቻይልድ እና ኦወን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንን አሳይተዋል። እነሱ የያዙት ጥያቄ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ ትልቁም ትንሹም አውሮፕላን የሚያርፍበትን ማኮብኮቢያ ወጪ ማን ይሸከም የሚል።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የመስኖ ቦይ ነው። መራዊ ሄዶ ቆጋ መስኖን ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ቦዩ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ማሳው ላይኛው ጫፍ ያለ ገበሬ ከማሳው በታች ያለውን ቦይ ጥረግ ቢባል እምቢ ቢል ትክክል ነው፤ ውሃው እሱን አልፎ ነው የሚሄደው። የታችኛው ገበሬ ግን ላይኛውን ክፍል አልጠርግም ማለት አይችልም፤ ውሃው በዚያ በኩል ነው የሚመጣለት። ስለዚህ ላይኛውን ሁሉም ይጠርጋል፣ ታችኛውን የታችኞቹ ብቻ። ከዋናው ቦይ ወደ አንድ ሰው ማሳ ብቻ የምትገባ ቅርንጫፍ ካለች ባለማሳው ብቻውን ይጠርጋታል። የወረታዋ ተሳፋሪም ከዋናው መንገድ ወጥቶ ሰፈሯ ድረስ ያስገባት ካለችና ሹፌሩ ለዚያ ብር ከጨመረ፣ ጭማሪው የእሷ ብቻ ነው። ለሦስት አይካፈልም።

ምሳሌው የማይሠራበት ቦታም አለ። ከወረታ ተሳፍሮ ጎንደር የሚሄድ አዲስ ሰው ቢመጣ፣ ላይኛውን ቦይ ሳይነካ ከታችኛው የሚጠጣ ገበሬ ይሆናል፤ በውሃ እንዲህ ያለ ነገር የለም። በመንገድ ግን አለ፤ ሁለተኛው 3000 ለሦስት ይካፈልና ለእያንዳንዱ 1000 ይሆናል። የጎንደሮቹ ጠቅላላ ክፍያ ወደ 2000 ይወርዳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ተከራካሪ ልምጣ። እሱ ደግሞ «ዋጋው ቁርጥ ከሆነ ማን የት እንደወረደ ምን አገባን? እኩል ነው እንጂ» ይላል። ቁርጥ ዋጋ ማለት ሹፌሩ ከእናንተ የሚቀበለው አይለወጥም ማለት ነው። በእናንተ መካከል ያለውን ክፍፍል አይወስንም። በእርግጥ በወረታው ጉዳይ እኩል መካፈል ግፍ ነው አልልም። ብቻዋን በኮንትራት ብትሄድ 3000 ትከፍል ነበር፤ 2000 ከፍላም ታተርፋለች። ሦስቱ ቢስማሙበት እኔ አልከለክልም። ነገር ግን የምትወርደው ዘንዘልማ ቢሆንስ? ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ከተማው ጫፍ። እዚያ ድረስ ብቻ መኪና ለመያዝ 300 ብር ይበቃል እንበል። በእኩል ስሌት 2000 ትከፍላለች ማለት ነው። ማንም ጤነኛ ሰው አይገባበትም፤ ባጃጅ ይይዛል። በሻፕሊ ግን የ300 ሲሶ፣ 100 ብር ነው። አንድ ስሌት ልክ መሆኑን ለማየት ወራጇን ወደ መነሻው አስጠጉና ድርሻዋ አብሮ ይወርድ እንደሆነ ተመልከቱ። እኩል ማካፈል ይህን ፈተና አያልፍም።

አንድ ነገር እንዳይደባለቅ። ይህ ሁሉ ለኮንትራት ነው። ሰው በሰው እየጫነ በታሪፍ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የሚካፈል ወጪ የለም። ከጎንህ ያለው ተሳፋሪ ወረታ ቢወርድ ያንተ ታሪፍ አይጨምርም። የጎንደር ወንበር ይዞ ወረታ «ወራጅ አለ» ያለ ሰው ሙሉውን ከተጠየቀ ክርክሩ ከረዳቱ ጋር ነው፤ ወንበሩ ባዶ ይሄዳል ወይስ ሌላ ሰው ይሞላዋል የሚለው ነው ጥያቄው። እዚያ ሻፕሊን ማምጣት ቦታው አይደለም።

የሙያዬ ነገር ሆኖብኝ ሌላም ልጨምር። ሎይድ ሻፕሊ ይህን ስሌት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከአልቪን ሮት ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልሟል፤ ስለዚህ «ኖቤል ያገኘው ቀመር» ሲባል እሰማለሁ። ሽልማቱ ግን የተሰጠው ስለ ተረጋጋ ምደባ፣ ሰውን ከሰው ወይም ከተቋም ጋር ስለማጣመር ለሠሩት ሥራ ነው። ደግሞም ቀመሩ ማን ብር አለው፣ ማን ተማሪ ነው ብሎ አይጠይቅም። ለተማሪ መቀነስ ከፈለጋችሁ መልካም ነው፤ ከስሌቱ በኋላ በፈቃዳችሁ አድርጉት እንጂ ሻፕሊ አዘዘ አትበሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ድንገት የሚወርድ ሰው ነው። ሦስቱም ጎንደር ብለው ተስማሙ፤ ሐሙሲትን እንዳለፉ ለአንዷ ስልክ ተደወለላትና ወረታ ልውረድ አለች። እዚህ ላይ ብዙዎች 1000 ትክፈል ይላሉ። እኔ አልስማማም። ስሌቱ የሚሠራው በተስማሙበት ሰዓት በነበረው መድረሻ ነው። ቀድማ ብትናገር ሁለቱ የጎንደር ሰዎች እሷን ትተው ጎንደር የሚሄድ ሦስተኛ ሰው ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ 2000 ትክፈል። ወረታ ላይ ወንበሯን የሚይዝ ሰው ከተገኘና 800 ብር ከከፈለ፣ ያ 800 ለእሷ ይመለስ፤ ወንበሩ የእሷ ነበርና። 1200 ወጣባት ማለት ነው። አዲሱ ሰው ከ1000 በላይ ከከፈለ ግን ትርፉ ለሁለቱ የጎንደር ሰዎች ይካፈል፤ ቀድማ ብትናገር ከምትከፍለው በታች ከፍላ የምትወርድበት ምክንያት የለም።