የ15 ደቂቃ የሥልጠና ቅጂ ምንድን ነው?

«አርባውን ስላይድ ወደ አሥር አውርደነዋል፤ ቁም ነገሩ አልተነካም» የሚል መልእክት በየጊዜው ይደርሰኛል። ፋይሉን ስከፍተው አርባውም እዚያው አሉ፤ ፊደሉ ደቅቆ፣ አራቱ ስላይድ አንድ ላይ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል። አሠልጣኙም በጥድፊያ ያነበንባቸዋል። ይህ ማሳጠር አይደለም። አጭር ቅጂ የሚባለው ሠልጣኙ ሥራው ላይ ቆሞ «ይህን ላድርግ ወይስ ያንን?» የሚልባቸው ቦታዎች ሳይነኩ የቀሩበት፣ ሌላው ግን ያለ ርኅራኄ የወጣበት ነው።

አገሩን ለማያውቅ መንገደኛ መንገድ ስንጠቁም በየመንደሩ ያለውን ሁሉ አንዘረዝርም፤ የሚታጠፍበትን እንነግረዋለን። ቀጥ ያለው መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ቢሆንም አንድ ቃል ይበቃዋል። ሁለት መንገድ የሚመሳሰልበት ቦታ ግን ርዝመቱ አሥር ሜትር ብቻ ቢሆንም ቆም ብለን በደንብ ማስረዳት አለብን።

በምሠራበት ዘርፍ በጣም የማውቀውን ልውሰድ፤ ከ6 እስከ 59 ወር ባሉ ሕፃናት ላይ አጣዳፊ የምግብ እጥረትን ለመለየት የሚሰጠውን ሥልጠና። በአርባው ስላይድ ውስጥ የእጥረቱ መንስኤዎች፣ የሰውነት አሠራር፣ የመዝገብ አሞላልና ለሕክምና የሚሰጠው የፕላምፒ ነት ምግብ ይዘት ሰፊ ቦታ ይይዛሉ። መታጠፊያዎቹ ግን ሦስት ናቸው። የክንድ ዙሪያ ልኬቱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ነው? ሁለቱም እግሮች አብጠዋል? ሕፃኑ ቤቱ ሆኖ ይታከም ወይስ ተኝቶ?

አንድ አስተያየት ሰጪ «ፍትሐዊ እንዲሆን ከእያንዳንዱ ክፍል እኩል ይቀነስ» ብሎ ተከራክሯል። ሥልጠናውን የሚገድለው ይህ ሐሳብ ነው። የእግር እብጠት በሙሉው ሥልጠና ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው አንድ ስላይድ ብቻ ነው። እኩል ሲቀነስ ከክንድ መለኪያው ሥዕል ሥር አንድ መስመር ሆኖ ይቀራል። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ያለበት መለኪያ ዓይን ስለሚስብ ማንም አያወጣውም፤ መንገደኛውም ትልቁን ጎዳና ይዞ መታጠፊያውን ያልፈዋል።

ውጤቱን በአንድ ሕፃን እንየው። ዕድሜው 18 ወር ነው፤ የክንዱ ዙሪያ 12.8 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ መለኪያው አረንጓዴ ላይ ነው። የተጨመቀውን ቅጂ ያየች ባለሙያ «ደህና ነው» ብላ ትሸኘዋለች። የሁለቱንም እግሮቹን የላይኛ ክፍል በአውራ ጣቷ ለሦስት ሰከንድ ተጭና ብትለቅ ግን ጎድጉዶ ሲቀር ታይ ነበር። እብጠቱ በሁለቱም እግር ላይ ካለ መለኪያው የፈለገውን ቢያሳይ ሕፃኑ በከባድ የምግብ እጥረት ውስጥ ነው። እብጠቱ እግሩ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ሌላ ሕመም ከሌለበትና ፕላምፒ ነቱን ሳይገደድ በፍላጎቱ ከበላ በተመላላሽ ይታከማል። መብላት እንቢ ካለ፣ ወይም እብጠቱ ፊቱን ጨምሮ ሰውነቱን ሁሉ ካዳረሰ፣ ተኝቶ ወደሚታከምበት ይላካል።

ስለዚህ 15 ደቂቃውን እንዲህ እከፍለዋለሁ። ለሦስቱ ውሳኔዎች ለእያንዳንዳቸው ሦስት ደቂቃ፣ ከላይ ያለውን ሕፃን አብሮ ለመወሰን አራት ደቂቃ፣ ለጥያቄ ሁለት ደቂቃ። መንስኤውና የመዝገቡ አሞላል በወረቀት ይታደላል እንጂ ስላይድ ላይ አይወጣም። በእያንዳንዱ ውሳኔ ላይ ቁጥሩ፣ የሚታየው ምልክትና ቀጥሎ የሚደረገው አብረው ይቀመጣሉ። «እብጠትን አትርሱ» የሚል መስመር ብቻ ከተጻፈ ውሳኔው ወጥቷል ማለት ነው፤ ምን ተጭኜ፣ ምን አይቼ፣ ወዴት ልላከው የሚለው የለበትም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ይህ ቅጂ ቀድሞ ለሠለጠነ ሰው ማስታወሻ ነው። አውራ ጣት ምን ያህል እንደሚጫን፣ መለኪያው ሳይጠብቅና ሳይላላ እንዴት እንደሚያዝ የሚለመደው በእጅ በመሥራት ነው፤ ስድስት ወር ያልሞላቸው ሕፃናት ደግሞ ሌላ መመሪያ አላቸው።

ውሳኔዎቹ ተርፈው እንደሆነ ለማረጋገጥ ስላይዱን አትቁጠሩ። አጭሩን ቅጂ ብቻ ላየ የሥራ ባልደረባ ሦስት ሕፃናትን በወረቀት ስጡት፤ አንዱ መለኪያው ቀይ የሆነ፣ ሌላው አረንጓዴ ሆኖ እግሮቹ ያበጡ፣ ሦስተኛው ቀይ ሆኖ መብላት እንቢ ያለ። ሁለተኛውን «ደህና ነው» ብሎ ከሸኘው አጭሩ ቅጂ ተመልሶ ይሠራል።