ከጋብቻ ወይም ከፍቺ በኋላ ስም መቀየር፦ የትኛው መዝገብ ይቅደም?

ማግባት ብቻውን ስም የሚቀይርበት አገር አለ፤ የማይቀይርበትም አለ። በካናዳ ኩቤክ ግዛት ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ባለትዳሮች በሕግ ፊት የሚታወቁት በልደት ስማቸው ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶችና በእንግሊዝ ግን የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ራሱ የትዳር ጓደኛን የቤተሰብ ስም ለመውሰድ ይበቃል። ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልግም። እዚያም ቢሆን ወረቀቱ ፈቃድ ብቻ ነው። ስሙ በየመዝገቡ የሚለወጠው ስሙን የሚቀይረው ሰው ራሱ በየቢሮው ሄዶ ሲያስለውጠው ነው።

ቅደም ተከተሉ የሚወሰነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ማን ማንን አይቶ ያረጋግጣል? ባንክ መታወቂያ ያያል። መታወቂያ ሰጪው ደግሞ በብዙ አገር ከሥሩ ያለውን የመንግሥት መዝገብ ያያል። ስለዚህ ከሥሩ መጀመር ነው። ከላይ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይላካል።

የአሜሪካው አሠራር ይህን በደንብ ያሳያል። እዚያ ሥሩ የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ነው፤ ይህም መንግሥት ለጡረታና ለግብር ለየሰው ቁጥር ሰጥቶ የሚይዘው መዝገብ ነው። ስም የሚቀየረው SS-5 በተባለው ቅጽ ነው፤ ክፍያ የለውም፤ ቁጥሩም አይለወጥም። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ስምና ቁጥሩን ከዚህ መዝገብ ጋር በኮምፒውተር ያመሳክራል። ጠዋት ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ከሰዓት መንጃ ፈቃድ ቢሮ የሄደች ሙሽራ አዲሱ ስም ገና ስላልደረሰ ወረፋዋ ከንቱ ሊቀር ይችላል። ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን መታገሥ ይሻላል። ግብር ሰብሳቢውም የሚያመሳክረው ከዚሁ መዝገብ ጋር ነው። በአዲሱ ስም የግብር ማስታወቂያ ሞልታ ሥሩን ያልነካች ሰው ተመላሽ ገንዘቧ ሊዘገይባት ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ከመዘገበው አካል በማኅተም የተረጋገጠ ቅጂ ማውጣት ያስፈልጋል። ተራ ኮፒ አይቀበሉም። በሠርጉ ላይ የሚሰጠው ያጌጠ ወረቀትም ብዙ ጊዜ ለግድግዳ እንጂ ለቢሮ አይሆንም። አንዱ ቅጂ ከፓስፖርት ማመልከቻ ጋር ሄዶ ሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል ሁለት ወይም ሦስት ማውጣት ይበጃል።

ሰው በብዛት የሚሰናከለው በፓስፖርቱ ላይ ነው። አንዲት ሴት አገባች እንበል። ከስድስት ሳምንት በኋላ የውጭ ጉዞ አላት፤ ትኬቱ የተቆረጠው በልደት ስሟ ነው፤ ቪዛውም በአሁኑ ፓስፖርቷ ላይ ተመቷል። ፓስፖርቱን አሁን ብትልክ አሮጌው ይሰረዛል፤ በአዲሱ ላይ ያለው ስም ደግሞ ከትኬቱም ከቪዛውም ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ሶሻል ሴኩሪቲውንና መንጃ ፈቃዱን አሁን ትጨርስ፣ በአሮጌው ፓስፖርት ትጓዝ፣ ስትመለስ ፓስፖርቱን ትቀይር። ቁም ነገሩ ትኬቱና ፓስፖርቱ አንድ ስም መያዛቸው ነው። የእንግሊዝ ፓስፖርት ያላት ሴት ከሠርጉ ሦስት ወር ቀደም ብላ በአዲሱ ስም ማመልከት ትችላለች። ፓስፖርቱ ግን እስከ ሠርጉ ቀን አይሠራም፤ አሮጌውም ይሰረዛል። እንዲህ ባለ ፓስፖርት ላይ ቪዛ የማይሰጡ አገሮችም ስላሉ ለጫጉላ ጉዞ ያሰበችው አስቀድማ ኤምባሲውን ትጠይቅ።

ባንክ የሚመጣው ከፎቶ መታወቂያው በኋላ ነው። ከባንኩ ጋር በአንድ ጊዜ ለአሠሪውም አዲሱን ስም ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ደመወዙ በአንድ ስም ይላካል፣ ሒሳቡ በሌላ ስም ይጠብቃል። በአሮጌው ስም የሚመጣ ቼክ ካለ ለባንኩ ቀድሞ መንገር ነው።

ፍቺ ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። የሚለየው የመነሻ ወረቀቱ ነው። እዚህ ቀኑ ካለፈ የሚያስቆጭ ነገር አለ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ዳኛው በፍቺ ውሳኔው ውስጥ «የቀድሞ ስሟ ይመለስላት» የሚል አንቀጽ ማስገባት ይችላል፤ ግን ተጠይቆ ነው። ሰው በንብረትና በልጆች ጉዳይ ተወጥሮ ይረሳዋል። ከተረሳ ውሳኔው እንዲሻሻል መጠየቅ፣ ያ ካልተቻለ ደግሞ በተለየ ማመልከቻ እንደገና ፍርድ ቤት መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። በአንዳንድ ቦታ ይህ ማመልከቻ በጋዜጣ እስከ ማሳወጅ ይደርሳል። ስለዚህ አንቀጹ በረቂቁ ላይ መኖሩን ከመፈረም በፊት ማየት ያስፈልጋል። ውሳኔው ከወጣም በኋላ ስሙ የተጻፈበትን ገጽ የያዘ የተረጋገጠ ግልባጭ መውሰድ ይገባል። የፍቺውን መፈጸም ብቻ የሚገልጽ አጭር ማስረጃ ስሙን ላይጠቅስ ይችላል።

ሁለት ጊዜ ያገባች ሴት አንድም ወረቀት መጣል የለባትም። የልደት ስሟ ከዛሬው ስሟ ጋር የሚገናኘው በመጀመሪያው ጋብቻ፣ በፍቺውና በሁለተኛው ጋብቻ ወረቀቶች ነው፤ አንዱ ከጎደለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ዲፕሎማም ብዙ ጊዜ በተማረችበት ስም ስለሚቀር ለሥራ ስታቀርበው የጋብቻ ወረቀቱን አብራ ታያይዛለች።