ቪዲዮ የሌለበት የዋትስአፕ ባክአፕ

የዋትስአፕ ባክአፕ ሲያብጥ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የጽሑፍ መልእክት አይደለም። የዓመታት ወሬ ቢከማች እንኳ ጽሑፉ የሚይዘው ቦታ ትንሽ ነው። ቦታውን የሚውጡት ቪዲዮዎች ናቸው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ባክአፑ የሚቀመጠው በጉግል አካውንት ውስጥ ሲሆን፣ በነጻ የሚሰጠውን 15 ጊጋባይት ከጂሜይልና ከጉግል ፎቶ ጋር ይጋራል። ባክአፑ 14 ጊጋባይት ደርሶ 11ዱ ቪዲዮ ከሆነ፣ ቪዲዮውን ማስቀረት ወደ 3 ጊጋባይት ያወርደዋል።

ማስተካከያው ቀላል ነው። በዋትስአፕ ሴቲንግ ውስጥ `Chats`፣ ከዚያ `Chat backup` ይከፈትና `Include videos` የሚለው ይጠፋል። ይህን ማጥፋት ብቻውን ግን መጠኑን አይቀንሰውም፤ አዲስ ባክአፕ መደረግ አለበት። አዲሱ ባክአፕ የቀድሞውን ይተካል፤ ወደ ድሮው መመለስም አይቻልም። ስለዚህ ከጉግል ላይ የሚወጣው ቪዲዮ ከዚያ በኋላ ያለው ስልኩ ላይ ብቻ ነው።

ልዩነቱ የሚታየው ስልክ ሲቀየር ወይም ፋብሪካ ሪሴት ሲደረግ ነው። ባክአፑ ሲመለስ ጽሑፉ፣ ፎቶውና የድምፅ መልእክቱ ይመጣል። የቪዲዮው መልእክትም በቦታው አለ፤ ቀኑና ላኪው ይታያል፣ ደብዘዝ ያለች ትንሽ ምስልም ትኖራለች። ሲነኩት ግን ፋይሉ የለም፤ ላኪው እንደገና እንዲልከው ጠይቁ ይላል። ብዙ ሰው ኢንተርኔቱ ደክሞ ይመስለውና ደጋግሞ ይሞክራል። የቆየ ቪዲዮ ከሆነ ግን መጠበቁ አያመጣውም።

መፍትሄው ቪዲዮዎቹን ለብቻ ማዳን ነው። በአዲሶቹ አንድሮይዶች የሚገኙት እዚህ ፎልደር ውስጥ ነው፦

```
Android/media/com.whatsapp/WhatsApp/Media/WhatsApp Video
```

ባለቤቱ የላካቸው ደግሞ በውስጡ `Sent` በሚለው ፎልደር ይቀመጣሉ። አሮጌው ስልክ ከመጥፋቱ ወይም ከመጽዳቱ በፊት ፎልደሩን እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ኮፒ ማድረግ ያስፈልጋል። አዲሱ ስልክ ላይም ባክአፑ ከመመለሱ በፊት በዚያው አድራሻ ይቀመጣል። ቻቱ ቪዲዮውን የሚያገኘው በቦታውና በስሙ ነው። `VID-20240315-WA0007.mp4` የሚባለውን ፋይል ለማስታወስ ይቀላል ብሎ ስሙን የቀየረ ሰው ቪዲዮውን በጋለሪ ያየዋል እንጂ በቻቱ ውስጥ አይከፈትለትም። እኔ ስሙ እንዳይነካ የምለው ለዚህ ነው።

አይፎን ላይ ይህ መንገድ የለም። ፋይሎቹ አፑ ውስጥ ተዘግተው ስለሚቀመጡ፣ አስፈላጊዎቹን ወደ ፎቶ አልበም ማውጣት ይቻላል፤ ወደ ቻቱ ግን ተመልሰው አይገናኙም። ሁለቱም ስልኮች በእጅ ካሉና ሁለቱም አንድሮይድ ወይም ሁለቱም አይፎን ከሆኑ የተሻለው `Transfer chats` ነው። ኪውአር ኮድ በማንበብ ቪዲዮውን ጨምሮ በቀጥታ ከስልክ ወደ ስልክ ያሻግራል፤ የጉግልንም ሆነ የአይክላውድን ቦታ አይነካም። የጠፋ ወይም የተሰበረ ስልክ ላይ ግን አይሠራም።