«ቅሬታም አለበት እኮ!» ለምትሉኝ

«ሆቴሉን አመስግኖ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አማሯል። ስለዚህ ተከፍሎት የጻፈ ሰው አይደለም።»

ይቺን ነገር መስማት ሰልችቶኛል። ሪሴፕሽን ላይ ለዓመታት ስለቆምኩ፣ መንገድ ያሰበ ዘመድ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን የሆቴል አስተያየት ሊያሳየኝ ስልኩን አምጥቶ አፍንጫዬ ላይ ይደቅንብኛል። «አየህ፣ ቅሬታም አለበት እኮ!» ይለኛል፤ ማስረጃ ያገኘ መስሎት።

ከሠራሁባቸው ሆቴሎች በአንዱ ሥራ አስኪያጁ ማታ ማታ ሎቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ እንግዳ መስሎ አስተያየት ይጽፍ ነበር። አንድ ቀን ጠርቶ አስነበበኝ። ከላይ እስከ ታች ምስጋና ነው። «ይሄን ማን ያምናል?» አልኩት፣ በቀልድ። እሱ የምሩን ያዘው። «ታዲያ ምን ልጨምርበት?» አለኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዋይፋዩ እንደሚቆራረጥ ጻፍ አልኩት። ፊቱ ተቀያየረ። ትንሽ አሰበና «ከተማው ግን በጣም ይሞቃል» ብሎ ጨረሰው።

ምርጫውን ልብ በሉልኝ። የዋይፋዩ ነገር እውነት ነው፣ ግን እንግዳ ያስቀራል። ሙቀቱ ማንንም አያስቀርም፤ ሆቴሉን ሳንቲም አያስከፍለውም። ቅሬታ የጸሐፊውን ታማኝነት የሚያሳየው ሆቴሉን የሚጎዳ ሲሆን ነው። ሙቀት፣ ዝናብ፣ የአውሮፕላን መዘግየት፣ «ሁለት ቀን አነሰን»፣ እነዚህን ማንም በነጻ ሊጨምራቸው ይችላል።

ይሄ ደግሞ የሥራ አስኪያጄ ብልጠት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የሸማቾች ጥናት፣ ከብዙ ምስጋና በኋላ የምትመጣ አንዲት ቀላል ጉድለት ሰው ዕቃውን የበለጠ እንዲወደው ልታደርግ እንደምትችል አሳይቷል። ይህ የታየው አንባቢው በጥሞና በማያስብበት ጊዜ ነው። ጉድለቷ ከምስጋናው በፊት ስትመጣ ግን እንዲያ አልሠራችም። አውቶቡስ እየጠበቃችሁ በአውራ ጣት እየገፋችሁ የምታነቡት አስተያየት እንግዲህ ምን እንደሚያደርጋችሁ አስቡት።

«እንግዲያው እንደዚህ ያለውን ሁሉ ውሸት ነው ብዬ ልለፈው።»

ኧረ በፍጹም! አንዴ አንዲት እናት ሻንጣቸው ከሌላ አውሮፕላን ጋር ሄዶባቸው ባዶ እጃቸውን መጡ። ሦስት ቀን ቆዩ። ጥርስ ብሩሽ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ሲሄዱ የጻፉት ግማሹ ስለ ሻንጣው ነው፣ ነጥቡም ከ10 ላይ 6። ከሆቴሉ ጋር ምንም አይገናኝም፣ ግን ከእሳቸው የበለጠ እውነተኛ ሰው አላስተናገድኩም።

ቅጹም ራሱ ቅሬታ ይጠይቃል። ሆቴል በሚያዝበት ድረ ገጽ በቡኪንግ ላይ የወደዱት ለብቻ፣ ያልወደዱት ለብቻ ይጻፋል። እንግዳው ሁለተኛውን ሳጥን ባዶ መተው ከበደው እንበል። ምንም ሲያጣ «ዝናብ ነበር» ብሎ ይሞላዋል። ይሄ ተንኮል አይደለም፣ ይሉኝታ ነው።

እና ቅሬታው ብቻውን ወዲህም ወዲያም አይመሰክርም። ሸፍኑትና ምስጋናውን ለብቻው አንብቡ። ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ሁለቱንም እኔው የጻፍኳቸው ናቸው።

አንደኛው፦ «ከባለቤቴ ጋር ለጋብቻ በዓላችን ነው የመጣነው። እጅግ ድንቅ ሆቴል! ሠራተኞቹ እንደ ቤተሰብ ተቀበሉን። በእርግጠኝነት እመለሳለሁ። የሚያሳዝነው ከኤርፖርት የመጣንበት ታክሲ ውድ ነበር።»

ሁለተኛው፦ «ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ሻንጣ ከተከፈተ መተላለፊያ የለም። አልጋው ግን ጥሩ ነው። መስኮቱ ወደ ጓሮ ስለሆነ ጸጥታ አለ። ሻወሩ ሙቅ ውሃ እስኪያመጣ ትንሽ ይቆያል። ከኤርፖርት የመጣንበት ታክሲ ውድ ነበር።»

የታክሲው ቅሬታ ሁለቱም ላይ አንድ ነው። የመጀመሪያውን ለመጻፍ ግን ሆቴሉን ማየት አያስፈልግም። ከማን ጋር እንደመጣና ለምን እንደመጣ ይነግረናል እንጂ ክፍሉ የት እንዳለ እንኳ አይነግረንም። እ.ኤ.አ. በ2011 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቺካጎ ስላሉ 20 ሆቴሎች የተጻፉ 400 እውነተኛና 400 ለጥናቱ ሲባል በክፍያ የተጻፉ የሐሰት የምስጋና አስተያየቶችን አነጻጽረው ነበር። የሐሰተኞቹ ጸሐፊዎች «እኔ» ማለት፣ ባለቤትን ማንሳት፣ የጉዞውን ምክንያት መናገር ያበዛሉ። እውነተኞቹ ስለ ቦታው፣ ስለ መታጠቢያ ቤቱ፣ ስለ ክፍሉ ስፋት ያወራሉ። ያልተኛበትን ክፍል መግለጽ ለሰው ይከብደዋላ።

እዚያው ጥናት ላይ የሚያስቀኝ ነገር አለ። እንዲለዩ የተጠየቁት ሰዎች ሳንቲም ወርውረው ቢገምቱ ከሚያገኙት ብዙም አልተሻሉም። ስለዚህ «እኔ አይቼ አውቃለሁ» የሚለኝን ሰው አላምነውም፣ ራሴን ጨምሮ። ዝርዝር ጥሩ ምልክት ነው እንጂ ማኅተም አይደለም። የሆቴሉ ሠራተኛም ሻወሩን ያውቀዋል። ለዚህ ነው አንድ አስተያየት ይዤ የማልፈርደው። ያ ጠባብ ክፍል ወይም ያ የዘገየ ሙቅ ውሃ በተለያየ ወር፣ በሌላ ሰው አነጋገር ሲደገም ነው የማምነው።

«ታክሲው የሆቴሉ ጥፋት አይደለም። እሱን ቆርጬ ልጥለው።»

ቆይ፣ ታክሲውን ማን ጠራው? ብዙ ጊዜ የምንጠራው እኛ ነን፣ ሪሴፕሽኖቹ። አንዳንድ ቤት ከሹፌሩ ጋር ስምምነትም አለ። እንዲያ ከሆነ የታክሲው ዋጋ የሆቴሉ ጉዳይ ነው። ሆቴሉ ከታች የሰጠውን መልስ አንብቡ። «ሹፌራችንን አነጋግረናል» ካለ ነገሩ ተገናኘ ማለት ነው።

ሌላም አለ። የሆቴሉ ጥፋት አለመሆኑ እናንተን አይመለከታችሁም ማለት አይደለም። ከመንገዱ ማዶ ግንባታ ቢኖርና ጠዋት ድሪሉ ቢጀምር ሆቴሉ ምን ያድርግ? እንቅልፋችሁ ግን ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ነው የምጠይቀው፦ ሆቴሉ ሊያስተካክለው ይችል ነበር ወይ? እኔ ስሄድስ ያገኘኛል ወይ? የእናትየዋ ሻንጣ ለሁለቱም መልሱ አይደለም ነው። ያኔ ቅሬታውን እዘለዋለሁ። ከእሱ ጋር ግን 6ቱንም እዘለዋለሁ፤ ምክንያቱም ያ ነጥብ የአየር መንገዱ ነው። ሰው ቅሬታውን «አይገናኝም» ብሎ ጥሎ፣ በእሱ የወረደውን ቁጥር ግን እንዳለ ይዞ ሆቴል ሲያወዳድር ሳይ ይገርመኛል።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል።

«ቡኪንግ ላይ ያለው ሁሉ ያረፈ ሰው ነው።» እዚያ መጻፍ የሚችለው በእነሱ በኩል ክፍል የያዘ ነው፣ ልክ ነው፤ የባለቤቱ የአጎት ልጅም ክፍል መያዝ ይችላል።

«የጉግል ማፕም ያው ነው።» አይደለም፤ እዚያ ለመጻፍ በራፉን ማለፍም አያስፈልግም።

«በዚያን ሰሞን እውነት ዝናብ ነበር፤ አጣርቻለሁ።» ሥራ አስኪያጄም መስኮት ነበረው።