ቲንትድ ሞይስቸራይዘር፣ ቢቢ ክሬምና ፋውንዴሽን በድሬዳዋ ፀሐይ

ቲንትድ ሞይስቸራይዘር ጥቂት የቆዳ ቀለም የተጨመረበት የፊት ማለስለሻ ክሬም ነው። ቢቢ ክሬም ከእሱ ትንሽ ወፈር ይላል። መነሻውም ጀርመናዊቷ የቆዳ እንክብካቤ ባለሙያ ክርስቲን ሽራሜክ በ1960ዎቹ በሕክምና የላይኛው ቆዳው የተላጠን ፊት ለማስታገስና ለመሸፈን ያዘጋጀችው ቅባት ነው፤ በኋላ ኮሪያ ውስጥ የፀሐይ መከላከያ ተጨምሮበት በዓለም ተሰራጨ። ፋውንዴሽን ግን ከመጀመሪያውም ለመሸፈን የተሠራ ነው። ቀለሙ ይበዛል፣ ፊት ላይ ከደረቀ በኋላም ስስ ሽፋን ሠርቶ ይቆያል። ስሙን የሚያወጣው አምራቹ ስለሆነ የአንዱ ቢቢ ክሬም ከሌላው ፋውንዴሽን ወፍሮ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በማሸጊያው ስም ከመመራት ጥቂቱን እጅ ጀርባ ላይ ቀብቶ፣ ከሥሩ ያለው ቆዳ ምን ያህል እንደሚታይ ማየት ይሻላል።

ለድሬዳዋ ሰው ምርጫውን የሚያከብደው ሙቀቱና ፀሐዩ አንድ ላይ መምጣታቸው ነው። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብም ብዙ ሳትርቅ ስለምትገኝ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ ፀሐይ ቀትር ላይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች። ሐረር ከዚያ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ፋውንዴሽን እዚያ ሳይቀልጥ ይውላል፤ ቆዳን የሚጎዳው ጨረር ግን ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበረታል እንጂ አይቀንስም። በሁለቱም ከተሞች ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለው ፀሐይ ከሁሉ የከፋው ነው።

አብዛኛው ተጠቃሚ የሚሳሳተው በመጠኑ ነው። የቢቢ ክሬም ቱቦ ላይ ኤስፒኤፍ 30 ተብሎ የሚጻፈው የፀሐይ መከላከያ ቁጥር ላቦራቶሪ ውስጥ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ የተለካ ነው። ይህ ለአንድ ሰው ፊት ሲሰላ ከ1 ግራም ትንሽ ይበልጣል፤ የሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል ማለት ነው። ቀለም ያለውን ክሬም ይህን ያህል የሚቀባ የለም። ፊት ይወፍራል፣ ይወዛል፣ አንገትና ፊትም ይለያያሉ። የተለመደው አንድ የአተር ፍሬ የሚያክል ነው፤ ያ ደግሞ ከሚፈለገው ሩብ ቢሆን ነው። መከላከያውም አብሮ ይወርዳል፦ ኤስፒኤፍ 30 የተባለው ሩቡ ብቻ ሲቀባ የሚሰጠው ጥበቃ በግምት የ7 ወይም የ8 ነው፣ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ፋውንዴሽን ይበልጥ በስሱ ስለሚቀባ፣ እሱ ላይ የተጻፈው ኤስፒኤፍ እንደ ትርፍ እንጂ እንደ መከላከያ መቆጠር የለበትም።

በቂ መጠን ይቀባ አይቀባ ለማወቅ ቱቦው የሚቆይበትን ጊዜ ማስላት ይበቃል። 30 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ቱቦ በቀን አንድ ጊዜ በሙሉ መጠን፣ ማለትም 1.25 ሚሊ ሊትር፣ ቢቀባ በ24 ቀን ያልቃል። ሦስት ወር የቆየ ከሆነ ፊቱን ከፀሐይ ሲጠብቅ የነበረው የተጻፈው ቁጥር አይደለም። ሁለት ነገር መደራረብም ቁጥር አይደምርም። ከሥር ኤስፒኤፍ 30፣ ከላይ ኤስፒኤፍ 15 መቀባት 45 አይሆንም።

ታዲያ ቀለም ያለው ክሬም ለፀሐይ ምን ይጠቅማል? ጥቅሙ ራሱ ቀለሙ ውስጥ ነው። የቆዳ መልክ የሚሰጡት ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የብረት ኦክሳይዶች ናቸው። ማሸጊያው ጀርባ ላይ ሲአይ 77491፣ 77492 እና 77499 ተብለው ይጻፋሉ። እነዚህ ለዓይን የሚታየውን ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊውን፣ ያግዳሉ። ቀለም የሌለው ተራ ሰንስክሪን ዩቪኤና ዩቪቢ የሚባሉትን የማይታዩ ጨረሮች ቢከላከልም የሚታየውን ብርሃን በአብዛኛው ያሳልፈዋል። የእኛን ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ ይበልጥ የሚያጠቁረውም አንዱ ይህ የሚታየው ብርሃን ነው። ማዲያት ያለባት ሴት በየቀኑ ጥሩ ሰንስክሪን እየተቀባች ጥቁረቱ አልለቅ ሲላት፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ሊሆን ይችላል። ማዲያት ወይም ብጉር ጥሎት የሄደ ጥቁር ምልክት ላለበት ሰው ቀለም ያለው ክሬም ከጌጥነት ያለፈ ጥቅም አለው። ቀለሙ በዛ ባለ መጠን ይህ ጥበቃ ስለሚጨምር፣ በዚህ ረገድ ፋውንዴሽን ከስሱ ቲንትድ ሞይስቸራይዘር ይበልጣል።

ከዚህ የሚወጣው መፍትሔ ሥራውን መከፋፈል ነው፤ ጨረሩን ለሰንስክሪን፣ መልክና የሚታየውን ብርሃን ደግሞ ቀለም ላለው ክሬም መስጠት። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ሱቅ ውስጥ የምትሠራ፣ ግንባሯና አፍንጫዋ የሚወዛ፣ ሁለቱ ጉንጮቿ ላይ ማዲያት ያለባትን ሴት እንውሰድ። ጠዋት ፊቷን ታጥባ ካደረቀች በኋላ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ፒኤ ከሚለው ቀጥሎ ቢያንስ ሦስት የመደመር ምልክት ያለው ሰንስክሪን ታነሳለች። ፒኤ የዩቪኤ ጥበቃ መለኪያ ነው፤ ኤስፒኤፍ ብቻውን የሚናገረው በዋናነት ስለ ዩቪቢ ነው። በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ላይ ከሥር እስከ ጫፍ አንዳንድ መስመር ጨምቃ ለፊትና ለአንገት ታውለዋለች። በአንድ ጊዜ ስለሚበዛ ግማሹን ቀብታ፣ ቆዳው ሲመጠው ቀሪውን ትደግማለች። ከዚያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ትጠብቃለች። ልብስ መልበሻና ቁርስ መብያ ጊዜው ይኸው ነው።

ሰንስክሪኑ ሲደርቅ የአተር ፍሬ የሚያክል ቢቢ ክሬም እጇ ጀርባ ላይ አውጥታ በጣቷ ጫፍ ከጉንጭ ጀምራ ወደ ውጭ መታ መታ እያደረገች ታሰራጫለች። ማሸት የለባትም፤ ማሸት ከሥር ያለውን ሰንስክሪን ከቦታው ያነሳዋል። ከ2 ደቂቃ በኋላ ማዲያቱ ላይ ብቻ ሁለተኛ ስስ ንብር ትጨምራለች። ፓውደር የሚያስፈልጋት አፍንጫና ግንባሯ ላይ ብቻ ነው። ጉንጭ ላይ ሲደረግ ላብ ሲነካው ተጣብቆ ነጠብጣብ ይሠራል። ሻሽ ወይም ሒጃብ የምታስር ከሆነ የግንባሯ ጠርዝ ላይ ያለው ክሬም በጨርቁ ስለሚጠረግ እዚያ በስሱ መቀባት ይበቃታል።

ሁሉን የሚያበላሸው ቀትሩ ነው። ፀሐይ ላይ የሚውል ሰው በየ2 ሰዓቱ ሰንስክሪን መድገም አለበት። ሱቅ ውስጥ የምትውለዋ ቢያንስ ለምሳ ስትወጣ መድገም ይኖርባታል፤ ባጃጅ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ጥላው አያስተማምንም። ላቡን በሶፍት ጫን አድርጋ ታነሳለች እንጂ አትጠርግም። ከዚያ ሰንስክሪኑን በደረቅ ስፖንጅ እያስነካች ፊቷን ታዳርሳለች፣ የለቀቀው ቦታ ላይም ቢቢ ትመልሳለች። ለዙህር ውዱ የምታደርግ ከሆነ ይበልጥ ይቀላታል። ፊቷ መታጠቡ ስለማይቀር አድርቃው ሁለቱንም እንደ አዲስ ትቀባለች። ለዚህ ቀላሉ ክሬም ይመቻል። ውሃ የማያስገባ ፋውንዴሽን ግን ውሃውን ከቆዳ ስለሚከለክል አስቀድሞ በማስለቀቂያ መነሳት ይኖርበታል፤ በቀን መሃል ይህን ማድረግ አድካሚ ነው።

ከለር ማግኘት ሌላው ችግር ነው። ብዙዎቹ የኮሪያ ቢቢ ክሬሞች የሚመጡት በሁለት በሦስት ከለር ነው፤ 21 እና 23 የተባሉት ለነጣ ያለ ቆዳ የተሠሩ ናቸው። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ሲበዛባቸው ደግሞ ጠይም ፊት ላይ አመድማ ይሆናሉ። ሻጩ ‘ትንሽ ቆይቶ ከፊትሽ ጋር ይመሳሰላል’ ቢልም አመዱ በመቆየት አይጠፋም። ከለር የሚሞከረው አገጭ ጠርዝ ላይ ነው፤ እጅ ላይ የተሞከረ ለፊት አይሆንም። ከሱቁ መብራት ወጥቶ በቀን ብርሃን፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ ማየት ያስፈልጋል። ፋውንዴሽን በዚህ ጊዜ ውስጥ ከፊት ወዝ ጋር ተዋህዶ ግማሽ ከለር ያህል ሊጠቁር ወይም ወደ ብርቱካንማ ሊሄድ ይችላል። የሚወዛ ፊት ያላት ሴት ቀድማ የጨለመውን ከመግዛት መጠንቀቅ ያለባት ለዚህ ነው።

ለጠይምና ለጠቆረ ቆዳ የሚሆን ቢቢ ሲጠፋ ፋውንዴሽን ያዋጣል፤ ከለሩ ብዙ ነውና። ሰንስክሪኑ ከደረቀ በኋላ እጅ ጀርባ ላይ አንድ እጅ ፋውንዴሽን ከሁለት እጅ ተራ የፊት ክሬም ጋር አዋህዶ መቀባት ከቲንትድ ሞይስቸራይዘር ጋር የሚቀራረብ ውጤት ይሰጣል። ፋውንዴሽኑን ከሰንስክሪኑ ጋር መቀላቀል ግን አይገባም። ሰንስክሪን ፊት ላይ እኩል የሚዘረጋ ንብር እንዲሠራ ተደርጎ የተቀመመ ነው፤ ሌላ ነገር ሲገባበት ንብሩ ይሰነጣጠቃል፣ ምን ያህል እንደሚከላከልም አይታወቅም። ማዲያት ያለበት ቦታ ላይ ያልቀጠነ ፋውንዴሽን ብቻውን መጨመር ይቻላል፤ ሲቀጥን የብረት ኦክሳይዱም አብሮ ይቀንሳልና።

ክሬሙ ፊት ላይ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተንከባለለ ከወጣ፣ ወይ ከሥር ያለው አልደረቀም፣ ወይ ሁለቱም ሲሊኮን የበዛባቸው ሆነው ተንሸራተዋል፣ ወይ መጠኑ በዝቷል። አንድ ቀን መጠበቂያውን ማርዘም፣ በማግስቱ የላይኛውን መቀነስ ጥፋተኛውን ይለያል። በአፍንጫ ግራና ቀኝ ብቻ የሚለቅ ከሆነ ምክንያቱ ወዝ ነው። ያን ጊዜ ወፍራም ማለስለሻውን ትቶ ሰንስክሪኑን ብቻ ከሥር ማድረግ ይበቃል።

ቱቦውን ባጃጅ ወይም መኪና ውስጥ፣ ወይም ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ መተው ክሬሙን ያበላሸዋል። ሲጨመቅ መጀመሪያ ዘይት ወይም ውሃ ወጥቶ፣ ቀለሙ ተለይቶ ከቀረና ነቅንቀውት ካልተዋሐደ፣ ወይም ሽታው ከተቀየረ መጣል አለበት። ቢቢ ክሬም ተብሎ ‘ፊት ያነጣል’ የሚል ነገር የተጻፈበትና ይዘቱ ያልተዘረዘረበትን መግዛት አደገኛ ነው። የማንጫ ቅባቶች ውስጥ ሐይድሮኪኖን፣ ስቴሮይድና ሜርኩሪ ተገኝተዋል፤ ስቴሮይድ ቆዳን ያሳሳል፣ ሲተውም ማዲያቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል።

ማታ ቀለሙ በውሃ ብቻ አይለቅም። በማስለቀቂያ ዘይት ወይም ክሬም ፊትን 1 ደቂቃ ያህል አሽቶ፣ ከዚያ በለስላሳ የፊት ሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። በድሬዳዋና በሐረር ብዙ ሴቶች የሚጠቀሙበት የቅጠል ዱቄት፣ ቀሲል፣ ማታ ፊት ለማጠብ ይሆናል። ሆኖም ሻካራ ስለሆነ ማዲያት ላይ አጥብቆ ማሸት እብጠት ያስነሳል፤ ቆዳ ሲቆጣ ደግሞ ይጠቁራል። ቀሲልም ሆነ እርድ ቀን ላይ ተቀብቶ ቢዋል ሰንስክሪንን አይተካም።